ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ደህና ሲሆን፦ መድኃኒት ልጀምር ወይስ ደግሜ ልመርመር?

«ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 43 ዓመቴ ነው። ጠቅላላ ምርመራ አድርጌ ቲኤስኤች 7.2 ሆኖ ተገኘ፤ ፍሪ ቲ4 ግን ኖርማል ነው። ሰሞኑን ይደክመኛል፣ ኪሎም ትንሽ ጨምሬያለሁ። አንዱ ሐኪም ሌቮታይሮክሲን 50 ማይክሮግራም ጻፈልኝ። ሌላዋ ደግሞ ከሦስት ወር በኋላ ደግመሽ ተመርመሪ አለችኝ። መድኃኒቱን ገዝቼ አስቀምጫለሁ። አንዴ ከተጀመረ ዕድሜ ልክ ነው ሲሉ ሰምቼ ፈራሁ። ልጀምር ወይስ ልጠብቅ?»

እኔ የሁለተኛዋን ሐኪም ምክር እደግፋለሁ። መድኃኒቱ እንደተቀመጠ ይቆይ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ። እርጉዝ ነዎት? ወይስ በቅርቡ ለመፀነስ እያሰቡ ነው? መልስዎ አዎ ከሆነ ከዚህ በታች የምጽፈው ሦስት ወር የመጠበቅ ነገር እርስዎን አይመለከትም። በእርግዝና የመጀመሪያ ወራት ፅንሱ የሚጠቀመው ከእናቱ የሚመጣውን የታይሮይድ ሆርሞን ነው። የራሱ ዕጢ ገና ሥራ አልጀመረችም። በዚህ ጊዜ የምንጠቀምበት ልክም፣ ለማከም የምንወስንበት ፍጥነትም የተለየ ነው። ስለዚህ በዚሁ ሳምንት ሐኪምዎን ያግኙ። ከዚህ ቀደም የታይሮይድ ቀዶ ጥገና ተደርጎልዎት ወይም በሬዲዮአክቲቭ አዮዲን ታክመው ከሆነም ይንገሯቸው። የተረፈው የዕጢው ክፍል አቅሙ ትንሽ ነው። እንዲህ ባለ ሰው ላይ ቶሎ ወደ ማከም እናዘነብላለን።

ሁለቱም ከሌሉ ደግሞ ተረጋግተን እንነጋገር።

ታይሮይድ አንገት ላይ ከማንቁርት በታች የተቀመጠች ዕጢ ናት። ስታብጥ እንቅርት የምንለው እሷን ነው። የምታመርተው ዋናው ሆርሞን ቲ4 ይባላል። ፍሪ ቲ4 በደም ውስጥ ለሥራ ዝግጁ ሆኖ ያለው ክፍሉ ነው፤ የተጻፈልዎ ሌቮታይሮክሲንም ይኸው ቲ4 በኪኒን መልክ ነው። ቲኤስኤች ግን የእሷ ምርት አይደለም። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ትንሽ ዕጢ የምትልክላት ትእዛዝ ነው። ፒቱታሪ በደም ውስጥ ያለውን ቲ4 ሁልጊዜ ትከታተላለች። ትንሽ እንኳ ያነሰ ሲመስላት «ጨምሪ» እያለች ድምጿን ከፍ ታደርጋለች። የምታደርገውም በልኩ አይደለም። ቲ4 በጥቂቱ ሲቀንስ ቲኤስኤች በብዙ እጥፍ ይጨምራል።

የእርስዎ ውጤት እንግዲህ ይህን ይላል። ትእዛዙ ከወትሮው ጠንክሯል፤ ምርቱ ግን አሁንም በቂ ነው። ሰብክሊኒካል ሃይፖታይሮይዲዝም የሚባለው ይኸው ነው። የብዙ ላብራቶሪዎች የቲኤስኤች መደበኛ ልክ ከ0.4 እስከ 4 ወይም 4.5 ገደማ ነው። 7.2 ከዚያ በላይ ነው፣ አዎ። ነገር ግን ሰውነትዎ ሆርሞን አጥቷል ማለት አይደለም። ፍሪ ቲ4 ራሱ ከልክ በታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ ወሬው ሌላ ነበር። ያኔ ሙሉ በሙሉ የለየለት የታይሮይድ ማነስ ነው፤ መታከሙም አያከራክርም።

አሁን ዋናው ጥያቄ ትእዛዙ ለምን ጠነከረ የሚለው ነው። አንደኛው ምክንያት ዕጢዋ እውነትም ቀስ በቀስ እየተዳከመች መሆኗ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ የሚሆነው የራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ዕጢዋን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ሲያጠቃት ነው። ሃሺሞቶ የሚባለው በሽታ ነው። ሌላው ግን አላፊ ምክንያት ነው። በጠና ታመው የነበሩ ሰዎች ሲያገግሙ ቲኤስኤች ለተወሰኑ ሳምንታት ከፍ ይላል። ታይሮይድ ራሷ ተቆጥታ ስትድን፣ ወይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ወራት፣ እንዲሁ ያደርጋል። ሊቲየም እና አሚዮዳሮን የሚባሉት መድኃኒቶችም ከፍ ያደርጉታል። ለዚያውም ቲኤስኤች ጤነኛ ሰው ላይ እንኳ ቀኑን ሙሉ አንድ ቦታ አይቆምም። ሌሊት ከፍ ይላል፤ ከሰዓት በኋላ ዝቅ ይላል። ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የተቀዳ ደምና ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የተቀዳ ደም ከአንድ ሰው ተወስደው እንኳ የተለያየ ቁጥር ሊሰጡ ይችላሉ።

አንድ ወረቀት ይዞ እነዚህን መለየት አይቻልም። ሁለተኛው ወረቀት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በ2007 የታተመ አንድ ትልቅ የእስራኤል ጥናት ነበር። የመጀመሪያ ቲኤስኤች ውጤታቸው ከ5.5 እስከ 10 የነበረ፣ መድኃኒትም ያልወሰዱ ሰዎችን ለአምስት ዓመት ተከታተለ። ከመቶ 62 ያህሉ በድጋሚ ምርመራ ወደ መደበኛው ልክ ተመልሰው ተገኙ። ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ያለ ምንም ኪኒን።

ይህን ጥናት የምጠቅሰው ለማጽናናት ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ያደረግኩትን ስህተት ስለሚያስታውሰኝ ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የ41 ዓመት ሴት መጣች። ድካም ነበራት። ቲኤስኤች 8.9፣ ፍሪ ቲ4 ደህና። በዚያው ቀን 50 ማይክሮግራም አዘዝኩላት። ከሁለት ወር በኋላ ቲኤስኤች 1.6 ሆነ፤ ድካሙም ለቀቃት። እሷም እኔም ደስ አለን። ከዓመት በላይ ቆይታ መጥታ «ልተወው እፈልጋለሁ» አለችኝ። ያኔ መዝገቧን ከመጀመሪያው ጀምሬ በደንብ አነበብኩት። የመጀመሪያው ደም የተቀዳው ከከባድ የሳንባ ምች ወጥታ በአምስተኛው ሳምንት ነበር። ኪኒኑን አስቆምናት። ከስምንት ሳምንት በኋላ ቲኤስኤች 2.7። ከስድስት ወር በኋላ 2.4። የታይሮይድ በሽታ ጨርሶ አልነበራትም። የለቀቃት ድካም የሳንባ ምቹ ድካም ነበር። ቁጥሩንም ያስተካከለው ጊዜ ነበር።

የዚህ ስህተት ክፋቱ ዓመት ሙሉ ኪኒን መዋጧ ብቻ አይደለም። ኪኒኑ ከተጀመረ በኋላ የሚመጣ ጥሩ ቁጥር ምንም አይነግረንም። መድኃኒቱ ይሁን ሰውነቷ ራሱ ያስተካከለው መለየት አይቻልም። «ያው ሠርቷል» ተብሎ ይቀጥላል። ብዙ ሰው ዕድሜ ልክ የሚወስደው እንዲህ ሆኖ ነው። ሦስት ወር መጠበቅ ሕክምና ማዘግየት ይመስላል። በእርስዎ ቁጥር ግን እየጠበቅን ያለነው መልሱን ነው።

ስለዚህ ሁለተኛው ምርመራ በደንብ መደረግ አለበት። ከመጀመሪያው ምርመራ ከሁለት እስከ ሦስት ወር ያህል ይቆዩ። ከተቻለ በዚያው ላብራቶሪ፣ ጠዋት፣ ከመጀመሪያው ጋር በተቀራረበ ሰዓት ደምዎ ይቀዳ። በመሀል ጠንከር ያለ ሕመም ከያዘዎት ካገገሙ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ይጨምሩ። የሚያዙት ምርመራዎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ ቲኤስኤች፣ ፍሪ ቲ4 እና ፀረ ቲፒኦ አንቲቦዲ። ሦስተኛው ያ ያልኩት የመከላከያ ሥርዓት ዕጢዋን እያጠቃ መሆን አለመሆኑን ይጠቁማል። ቲ3 ማሠራት እዚህ ጋ አይጠቅምም። ዕጢዋ ስትዳከም ቲ3 መጨረሻ ላይ ከሚወርዱት አንዱ ነው። አልትራሳውንድም አንገትዎ ላይ እብጠት ካልታየ ወይም ካልተዳሰሰ አያስፈልግም። ሳያስፈልግ የተሠራ አልትራሳውንድ ብዙ ጊዜ ጉዳት የሌለው ትንሽ እጢ ያገኝና ሌላ ጭንቀት ይዞ ይመጣል።

አንድ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ለፀጉርና ለጥፍር ተብለው የሚሸጡ ኪኒኖች ውስጥ ባዮቲን የሚባል ቫይታሚን በብዛት አለ። ባዮቲን ሰውነትን አይጎዳም፤ የላብራቶሪውን ማሽን ግን ያሳስታል። በብዙ ማሽኖች ላይ ቲኤስኤችን ከእውነቱ ዝቅ፣ ፍሪ ቲ4ን ከእውነቱ ከፍ አድርጎ ያሳያል። ማለትም እውነተኛ ችግር ካለ ይደብቀዋል። ቢያንስ ሁለት ቀን አስቀድመው ያቁሙት፤ መጠኑ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በላይ። «ለታይሮይድ» ተብለው የሚሸጡ አዮዲን የበዛባቸው ማሟያዎችንም በእነዚህ ወራት አይውሰዱ። ለተዳከመች ዕጢ የበዛ አዮዲን ይብስ ያዳክማታል።

ውጤቱ መጣ እንበል። ምን ሊሆን ይችላል?

ቲኤስኤች ወደ መደበኛው ልክ ከተመለሰና አንቲቦዲውም ከሌለ ጉዳዩ አበቃ። ድካሙን ሌላ ቦታ እንፈልጋለን።

ቲኤስኤች 10 ወይም ከዚያ በላይ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለተኛው ወረቀት ላይም ከጸና፣ በእርስዎ ዕድሜ ወደ ማከም አዘነብላለሁ። 10 የሚለው ቁጥር ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ2010 የ11 ጥናቶችን ውጤት አንድ ላይ ያጠና ሥራ ታትሞ ነበር፤ በውስጡ ከ55 ሺህ በላይ ሰዎች ነበሩ። ቲኤስኤች ከ10 እስከ 20 ባሉት ሰዎች ላይ የልብ ደም ሥር በሽታ ቲኤስኤች መደበኛ ከሆኑት ጋር ሲነጻጸር ወደ እጥፍ ተጠጋ። ከ4.5 እስከ 7 ባሉት ላይ ግን ግልጽ ጭማሪ አልታየም። የእርስዎ 7.2 ከዚህ መስመር አጠገብ ነው፤ ከ10 ይርቃል። ይህ ጥናት ኪኒኑ ልብን ይጠብቃል ብሎ እንዳላረጋገጠም ማወቅ ጥሩ ነው። አደጋውን እንጂ መፍትሔውን አልለካም። ሆኖም ቁጥሩ 10 ሲያልፍ ዕጢዋ ወደ ሙሉ ድክመት የመሄድ ዕድሏም ይጨምራል። ሁለቱ ተደምረው ሚዛኑን ወደ ማከም ይደፉታል።

ከባዱ የመሀሉ ነው። ሁለተኛውም 6 ወይም 7 ወይም 8 ቢሆንስ? አብዛኛው ሰው የሚገኘው እዚህ ነው፤ ሐኪሞችም የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። አንዱ 50 ጻፈ፣ ሌላዋ ጠብቂ ያለችው በዚህ ምክንያት እንጂ አንዳቸው ባለማወቅ አይደለም።

እዚህ ጋ መጀመሪያ የማየው አንቲቦዲውን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ዊካም በሚባል አካባቢ ሰዎች ለ20 ዓመት ተከታትለው ነበር፤ ውጤቱ በ1995 ታተመ። ቲኤስኤች ከፍ ብሎ አንቲቦዲም ከነበራቸው ሴቶች በዓመት ከመቶ 4 ያህሉ ወደ ለየለት የታይሮይድ ማነስ ሄዱ። ቲኤስኤች ብቻ ከፍ ያለባቸው ደግሞ ከመቶ ከ2 እስከ 3። ይህን ከሁለት ወገን ያንብቡት። አንቲቦዲ ቢኖርዎት እንኳ በሚቀጥለው ዓመት ከመቶ 96 ያህሉ ወደዚያ አይሄዱም። ግን ዓመቱ ይደመራል። አሥር ዓመት ሲሆን ቀላል ቁጥር አይደለም። ስለዚህ አንቲቦዲው ካለ በዓመት አንዴ ቲኤስኤች እናያለን። ከሌለና ቁጥሩ ከጸና በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ ይበቃል። አንቲቦዲው ራሱ መታከሚያ ምክንያት አይደለም። መጠኑ ወጣ ወረደ እያሉ በየጊዜው ማስለካትም ገንዘብ ማባከን ነው። አንዴ ካለ አለ።

ሁለተኛው የማየው ምልክቱን ነው። እዚህ ጋ በግልጽ ልናገር። ድካም፣ ኪሎ መጨመር፣ ቅዝቃዜ አለመቻል፣ የሆድ ድርቀት፣ የቆዳ መድረቅ የታይሮይድ ማነስ ምልክቶች ናቸው። ነገር ግን ታይሮይዳቸው ፍጹም ጤነኛ የሆኑ ብዙ ሰዎችም አሏቸው። በ2017 የታተመ ትረስት የሚባል ጥናት ነበር። 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸው 737 ሰዎች ገቡበት። አማካይ ቲኤስኤች 6.4 ነበር። ግማሾቹ ሌቮታይሮክሲን፣ ግማሾቹ ምንም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን ወሰዱ፤ የትኛውን እንደወሰዱም አያውቁም። መድኃኒቱን የወሰዱት ቲኤስኤች ወረደ። በዓመቱ ስለ ድካማቸው ሲጠየቁ ግን ሁለቱ ቡድኖች አንድ ነበሩ። ቁጥሩ ተስተካከለ፤ ሰውየው ግን ልዩነት አልተሰማውም።

ይህ ጥናት በሸመገሉ ሰዎች ላይ የተደረገ ነው፤ እርስዎ 43 ነዎት። እንዳለ ወስጄ አልጭንብዎትም። በ2019 የወጣ አንድ ዓለም አቀፍ የባለሙያዎች መመሪያ ግን የተደረጉትን ጥናቶች አንድ ላይ መዝኖ ለአብዛኛው አዋቂ ሰው መድኃኒቱን አይመክርም። እርጉዞችን፣ ለመፀነስ የሚሞክሩትንና ቲኤስኤች ከ20 በላይ የሆነባቸውን ለይቶ ትቷል፤ ምልክታቸው ለከበደና በጣም ወጣት ለሆኑ አዋቂዎችም ላይሠራ እንደሚችል ይገልጻል። በዚያው ዓመት የወጣው የእንግሊዝ መመሪያ ደግሞ በር ይከፍታል። ዕድሜው ከ65 በታች ለሆነ፣ በሦስት ወር ልዩነት ሁለቴ ከፍ ያለ ቲኤስኤች ለተገኘበትና ምልክት ላለው ሰው የስድስት ወር ሙከራ ይታሰብ ይላል። ሙከራ የሚለው ቃል ላይ ልብ ይበሉ። እኔ የምሠራው በዚህ ነው።

ከሙከራው በፊት ግን ድካምዎ የሌላ ነገር አለመሆኑን ማየት አለብን። በእርስዎ ዕድሜ ያለች ሴት ሲደክማት ከታይሮይድ በፊት የማስበው የደም ማነስንና የብረት ማነስን ነው። የወር አበባዎ በርከት ያለ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ። ሄሞግሎቢንና ፌሪቲን ይታዩ። ፌሪቲን በሰውነት ውስጥ የተከማቸውን ብረት የሚያሳይ ነው፤ ሄሞግሎቢን ደህና ሆኖ እሱ ባዶ ሊሆን ይችላል። ስኳርም ይለካ። እንቅልፍዎ እንዴት ነው? ያንኮራፋሉ? ልብዎ ከበደው፣ ደስ የሚልዎት ነገር ጠፋ? እነዚህ የታይሮይድ ጥያቄ አይመስሉም። ግን መልሱን ብዙ ጊዜ የማገኘው እዚህ ነው። ስለ ኪሎም ልንገርዎ። ፍሪ ቲ4 ደህና ሆኖ ሳለ በዚህ ምክንያት ብዙ ኪሎ አይጨመርም። እንዲያውም ኪሎ ራሱ ሲጨምር ቲኤስኤችን ትንሽ ከፍ የሚያደርግበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ለመክሳት ብለው አይጀምሩት፤ ያዝናሉ።

ይህ ሁሉ ታይቶ ሌላ ምክንያት ካልተገኘ፣ ቁጥሩም ሁለተኛ ጊዜ ከፍ ካለ፣ እርስዎም መሞከር ከፈለጉ እንዲህ እናደርጋለን። ኪኒኑን ከመጀመርዎ በፊት በጣም የሚያስቸግሩዎትን ሦስት ነገሮች ወረቀት ላይ ይጻፉ። «ይደክመኛል» አይበቃም። «ከሰዓት በኋላ ካልተኛሁ ሥራ አልሠራም፤ በሳምንት አራት ቀን» ዓይነት ይሁን። ለእያንዳንዱ ከ10 ስንት እንደሚሰጡት ያስቀምጡ። ወረቀቱን ያቆዩት።

ከዚያ 25 ወይም 50 ማይክሮግራም። የተጻፈልዎ 50 በእርስዎ ዕድሜ የልብ ችግር ከሌለ የተጋነነ አይደለም። ጠዋት በባዶ ሆድ በውኃ ይዋጣል። ከቁርስና ከቡና በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት፣ ቢቻል አንድ ሰዓት ይቆዩ። ብረት ወይም ካልሲየም የሚወስዱ ከሆነ በመሀላቸው የአራት ሰዓት ልዩነት ያድርጉ፤ አብረው ከገቡ መድኃኒቱን ይዘውት ይወጣሉ። ደም የምናየው ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በኋላ ነው። ለምን እንዲህ ዘገየ? ሌቮታይሮክሲን ከሰውነት ግማሹ ለመውጣት ሰባት ቀን ያህል ይፈጅበታል። ስለዚህ በደም ውስጥ ያለው መጠን የሚረጋው ከአምስት ወይም ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። በሁለተኛው ሳምንት የተለካ ቲኤስኤች ያሳስታል። በሦስተኛው ቀን «ቀለል አለኝ» የሚል ስሜትም እንዲሁ። ስሜቱ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፤ የመድኃኒቱ ሥራ ግን ገና አልደረሰም።

ቲኤስኤች ወደ ልኩ ከገባ በኋላ ሦስት አራት ወር ይቆዩ። ያኔ ያቺን ወረቀት አውጥተው እንደገና ነጥብ ይስጡ። የበፊቱን ሳያዩ ቢሰጡ ይሻላል። ግልጽ ልዩነት ካለ እንቀጥላለን። ከሌለ እናቆማለን። ቁጥሩ ስላማረ ብቻ አይቀጥልም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ሐኪሙም «ቲኤስኤች ጥሩ ነው፣ ቀጥዪ» ይላል። የጀመርነው ለምልክቱ ነበርና መልስ መስጠት ያለበትም ምልክቱ ነው።

«ዕድሜ ልክ ነው» የሚለውን ፍርሃትዎን አልረሳሁትም። ዕጢዋ ተበላሽታ ቲ4 ለወረደባቸው ሰዎች አባባሉ አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው። ምክንያቱም ኪኒኑ የጎደለውን ይተካል። ሱስ ስለሚያሲዝ አይደለም። እርስዎ ግን የጎደለዎት ነገር የለም። 50 ማይክሮግራም ሞክረው ካልጠቀመ ሐኪምዎ እያወቀው ያቆሙታል፤ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ቆይተን ቲኤስኤች እናያለን። ወደ ነበረበት ይመለሳል ወይም ደህና ይሆናል። ዕጢዎ በመውሰድዎ ምክንያት አይሞትም።

ስለዚህ ካልጎዳ ለምን ዝም ብዬ አልጀምርም የሚሉ ካሉ፣ የሚጎዳው መጠኑ ሲበዛ ነው። ቲኤስኤች ከልክ በታች ሲወርድ ልብ ሊዛባ ይችላል፤ ኤትሪያል ፊብሪሌሽን የሚባለው የልብ ምት መዛባት ይመጣል። አጥንትም ይሳሳል፤ በተለይ ከማረጥ በኋላ። ይህን በጣም የምፈራው በሸመገሉ ሰዎች ላይ ነው። አንድ የ76 ዓመት አባት ልባቸው እየዘለለ ልጃቸው ይዛቸው መጣች። ከዓመት በፊት ቲኤስኤች 6.1 ሆኖ ነበር ኪኒን የተጀመረላቸው። ከዚያ ድካሙ አልለቅ ሲል መጠኑ እየተጨመረ 100 ደረሰ። እኔ ጋ ሲመጡ ቲኤስኤች 0.04 ነበር፤ ልባቸውም ተዛብቷል። ያሳዘነኝ የመጀመሪያው 6.1 ነው። ዕድሜ ሲገፋ ቲኤስኤች በተፈጥሮው ከፍ ይላል። ከ80 በላይ በሆኑ ጤነኛ ሰዎች ላይ የላይኛው ልክ ወደ 7.5 ይጠጋል። ያ ቁጥር ለሳቸው ዕድሜ በሽታ አልነበረም ማለት ይቻላል። የእርስዎን ታሪክ ሰምተው እናትዎ ወይም አባትዎ ይመርመሩ ካሉ ይህን ያስታውሱ። የእርስዎ 7.2 እና የሳቸው 7.2 አንድ አይደሉም።

እስከ ሁለተኛው ምርመራ ድረስ ዝም ብለው ኑሮዎን ይኑሩ። ቀኑን ሳይጠብቁ የሚሄዱት እነዚህ ከታዩ ነው፦ የወር አበባ ቀርቶ እርግዝና ከተጠረጠረ፣ አንገትዎ ላይ እብጠት ካዩ፣ ድምፅዎ ሻክሮ ካልለቀቀ፣ ወይም ድካሙ ቀን በቀን እየባሰ ፊትዎና እጅዎ ማበጥ ከጀመረ። የገዙትን መድኃኒት ከብርሃንና ከሙቀት አርቀው ደረቅ ቦታ ያስቀምጡት። ለሚደክማት ጓደኛ አይስጡት። ሲሄዱ የመጀመሪያውን ወረቀት ይያዙ፤ ደሙ የተቀዳበት ሰዓትና ቀን ቢኖርበት ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት በነበሩት ሁለት ወራት ታመው ከነበረ፣ ምን ኪኒን ይወስዱ እንደነበረም ከጀርባው ይጻፉበት።